35,000 ወይስ 27,000? ሁለት ቅጥሮችን ኪስ ውስጥ በሚቀረው ብር ማወዳደር

ሁለት መሥሪያ ቤት በአንድ ሳምንት «ነይ ሥራ ጀምሪ» ካለሽ፣ ወይም «ና» ካለህ፣ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ትልቁ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ግሮሱ ነው። ግሮስ ማንም በእጁ ይዞት አያውቅም። ቤት ኪራይ የሚከፈለው፣ ታክሲ የሚያዘው፣ ለእናት የሚላከው ከሌላ ብር ነው። እዚህ የምናወዳድረው ያንን ሌላውን ብር ነው።

ዓመታት ፔይሮል ላይ ስለሠራሁ ዘመድ አዝማድ ቅጥር ሲያገኝ ደብዳቤውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። በቅርቡ የመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። አካውንታንት ናት፣ አያት አካባቢ ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፣ በእጇ ሁለት ደብዳቤ አለ። የእሷ ጉዳይ የብዙ ሰው ጉዳይ ስለሆነ በእሱ እንሂድ። የታክሲና የኪራይ ቁጥሮቹ የእሷ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኩና ሥሩ። የግብሩ ስሌት ግን ለሁላችንም አንድ ነው።

አንደኛው ደብዳቤ ከአንድ አስመጪ ድርጅት የመጣ ነው። ቢሮው ሳር ቤት ነው። መነሻ ደመወዝ 32,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበል 3,000 ብር፣ በድምሩ 35,000። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። ሰርቪስ የለም፣ ምሳ የለም። ቦነስ «እንደ ድርጅቱ ትርፍ» ይላል። ይህን «ሳር ቤት» እንበለው።

ሁለተኛው ሲኤምሲ አካባቢ ካለ የምግብ ማምረቻ ነው። መነሻ ደመወዝ 24,000 ብር፣ የቤት አበል 3,000 ብር፣ በድምሩ 27,000። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል። ሰርቪስ ከአያት አደባባይ ያነሳል፣ ምሳ ፋብሪካው ያበላል፣ ሕክምና ይሸፍናል። ይህ «ሲኤምሲ» ይሁን።

«ጋሼ፣ 8,000 ብር እኮ ነው ልዩነቱ!» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

መጀመሪያ ግብሩና ጡረታው

የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሠንጠረዡን ቀይሮታል። እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። አንዳንድ ሰው 14,000ን ካለፈ ደመወዙ በሙሉ በ35 በመቶ የሚቆረጥበት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፤ 35 በመቶው የሚነካው ከ14,000 በላይ ያለውን ብቻ ነው። ለዚህም ነው አቋራጩ ስሌት ተቀናሽ ያለው። ከ14,000 በላይ ለሚከፈለው ሰው ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። አለቀ።

የሳር ቤቱ፦ 35,000 በ35 በመቶ 12,250 ይሆናል፣ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 10,200 ብር። የሲኤምሲው፦ 27,000 በ35 በመቶ 9,450፣ 2,050 ሲቀነስ 7,400 ብር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የደመወዝ ማስሊያዎች አንዳንዶቹ አሁንም በድሮው ሠንጠረዥ ነው የሚሠሩት። ለመለየት ቀላል ነው፤ 35,000 አስገቡና ግብሩን እዩ። 10,750 ካላችሁ አሮጌ ነው፣ ዝጉት። ድሮ ተቀናሹ 1,500 ነበር፣ 35 በመቶውም ከ10,900 ይጀምር ነበር። ለእሷ ደመወዝ ልዩነቱ በወር 550 ብር ነው።

ጡረታ ደግሞ ከመነሻ ደመወዝ ላይ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። አበል ላይ ጡረታ የለም። ሌላው የሚረሳው ነገር፣ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመቆረጡ በፊት ባለው ብር ላይ መሆኑ ነው። ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ የሚሠራ ሰው ግብሩ ያንስለታል፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባ ግን ይደነግጣል። የሳር ቤቱ ጡረታ 2,240፣ የሲኤምሲው 1,680 ነው።

እንግዲህ እጅ የሚገባው በሳር ቤት 22,560፣ በሲኤምሲ 17,920 ብር ሆነ። 8,000 የነበረው ልዩነት 4,640 ላይ ወረደ። ገና ከቤት አልወጣችም።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከ14,000 በላይ ላለ ሰው መነሻ ደመወዙ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 100 ብር 35ቱ ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ሄዶ 58 ብር ነው የሚደርሰው። በጥሬ ገንዘብ አበል የተሰጠ 100 ብር 65 ሆኖ ይደርሳል። ሰርቪስ ሆኖ፣ ምሳ ሆኖ፣ ሕክምና ሆኖ የመጣ 100 ብር ግን 100 ሆኖ ይደርሳል። አሠሪው የሚሸፍነው ትክክለኛ የሕክምና ወጪ ግብር የለበትም። ማምረቻ፣ ግብርናና ማዕድን ላይ ያሉ ድርጅቶች ለሠራተኛ በነፃ የሚያቀርቡት ምግብም እንዲሁ። ሁለት ቅጥር ሲወዳደር እነዚህን ሦስት ዓይነት ብሮች አንድ ላይ መደመር ነው ሰውን የሚያሳስተው።

የትራንስፖርት አበል ትንሽ ለየት ይላል። በመመሪያ እስከተቀመጠለት ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ይደረጋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይቀረጣል። እኔ ለጥንቃቄ 3,000ውን በሙሉ እንደሚቀረጥ አድርጌ ነው የሠራሁት። ኤች አር ጋ ደውላችሁ «ከአበሉ ስንቱን ነው ነፃ የምታደርጉት?» ብላችሁ ጠይቁ። ነፃ በተደረገ በእያንዳንዱ 1,000 ብር 350 ብር ትጨምራላችሁ። «የቤት አበል» የሚባለው ጥሬ ገንዘብ ግን እንደ ደመወዝ ነው የሚቀረጠው። የሲኤምሲዋ 3,000 ብር የቤት አበል እጅ ስትገባ 1,950 ናት። የቤት ኪራይ ከምትሸፍነው በላይ ስሟ ነው የሚያምረው።

መንገዱ

ከአያት ሳር ቤት በሦስት ታክሲ ነው። አያት መገናኛ፣ መገናኛ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ሳር ቤት። በባቡር እስከ ሜክሲኮ መሄድ ይቻላል፣ ርካሽም ነው፤ ጠዋት ላይ እግር ማስገቢያ ከተገኘ ማለቴ ነው። እሷ ሞክራው ስለተወችው በታክሲ ሠራነው። አንድ ጉዞ 65 ብር፣ ደርሶ መልስ 130። ሳር ቤት ቅዳሜም ስለሚገባ በወር 26 ቀን ነው፦ 3,380 ብር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ አላቆምኩም። «ዝናብ ሲሆንስ? ወር መጨረሻ ሂሳብ ስትዘጉ አምሽተሽ ስትወጪስ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ያው ከመገናኛ ራይድ እጠራለሁ» አለች። በወር አራት ጊዜ ብለን ተስማማን፣ በ350 ብር፣ 1,400። ጠቅላላ 4,780 ብር። ከአበሉ ውስጥ ከግብር በኋላ የሚቀራት 1,950 ስለሆነ፣ «ትራንስፖርት ይሰጡኛል» ያለችው ድርጅት ከመንገዷ ግማሹን እንኳ አልሸፈነላትም።

ለሲኤምሲ ሰርቪስ አለ። ሰርቪስ ሲባል ግን ሦስት ጥያቄ አለው። በስንት ሰዓት ያነሳል? ማታ የሚያመሸውን ሰው ይመልሳል ወይስ ፈረቃውን ጠብቆ ሄደ? ቦታ ሞልቶ ቆሞ የሚሄድ አለ ወይ? ይህን ኤች አር አይነግራችሁም። ጠዋት አደባባዩ ላይ ሂዱና ሰርቪሱን የሚጠብቁትን ጠይቁ። የእህቴ ልጅ ሄዳ ጠየቀች። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ እንደሚያነሳ፣ አንድ ደቂቃ እንደማይጠብቅ፣ ማታ ላመሹ ሰዎች ግን ፒክአፕ እንደሚመደብ ነገሯት። የሚያመልጣትን ቀን አስበን ለታክሲ 300 ብር ያዝንላት።

ከብሩ ሌላ ሰዓቱ አለ። ሳር ቤት 2 ሰዓት ለመግባት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን መውጣት አለባት። ማታ ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ሰልፍ አለ። ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው ብለን ብንይዝ በወር 84 ሰዓት ይሆናል። በሰርቪስ ደርሶ መልስ 1 ሰዓት ከ20፣ በ22 ቀን 29 ሰዓት ገደማ። ልዩነቱ 55 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ በመደበኛነት አትሥሩ ይላል። ሳር ቤትን ከመረጠች በየወሩ ከአንድ የሥራ ሳምንት በላይ ታክሲ ውስጥና ሰልፍ ላይ ያለ ክፍያ ትሠራለች ማለት ነው። ይህን በብር አልተመንኩትም። ማታ ኮርስ ለሚማር፣ ልጅ ላለው፣ ተጨማሪ ሥራ ለሚሠራ ሰው ዋጋው የተለያየ ስለሆነ ለብቻው ጻፉት።

ምሳ

ሳር ቤት ውጭ መብላት ለእሷ 200 ብር ገደማ ነው። ከቤት ቋጥራ ብትሄድ 80 ብር ያህል ታወጣለች። «ሁልጊዜ እቋጥራለሁ» አለች፤ ማንም ሥራ ሳይጀምር እንደዚያ ይላል። ከ22ቱ ቀን 13ቱን ትቋጥራለሽ፣ 9ኙን ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር ትወጫለሽ ብለን በቀን በአማካይ 130 ብር፣ በወር 2,860 ያዝን። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ ቤቷ ትበላለች። በፋብሪካው በኩል ዜሮ። የፋብሪካ ምሳ ጾም ሲሆን የጾም ይሠራል ወይ የሚለውንም ጠይቁ። ጾመኛ ሆኖ ሥጋ ወጥ ብቻ የሚያቀርብ ካፌ ውስጥ ከሆናችሁ ነፃው ምሳ ለእናንተ በዓመት ብዙ ወር የለም።

አንድ ላይ ሲቀመጥ

ኪራይዋ አያት 9,000 ብር ነው። እዚያው ብትቆይ ወሩ ይህን ይመስላል፦

| በወር (ብር) | ሳር ቤት | ሲኤምሲ |
|---|---|---|
| ጠቅላላ ክፍያ | 35,000 | 27,000 |
| ግብር | 10,200 | 7,400 |
| ጡረታ | 2,240 | 1,680 |
| እጅ የሚገባ | 22,560 | 17,920 |
| መንገድ | 4,780 | 300 |
| ምሳ | 2,860 | 0 |
| ቤት ኪራይ | 9,000 | 9,000 |
| የሚቀር | 5,920 | 8,620 |

8,000 ብር ትቀድም የነበረችው ሳር ቤት 2,700 ብር ወደ ኋላ ቀረች። የእህቴ ልጅ ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ በራሷ ካልኩሌተር መታችው። አካውንታንት ናት፣ አታምንም፤ እሰየው።

ሌላም መንገድ አለ እሱን ለማየት። ሰርቪሱና ምሳው አንድ ላይ ለእሷ በወር 7,340 ብር ያድናሉ። ያንን ያህል ብር በደመወዝ እጇ እንዲገባ ከተፈለገ መነሻ ደመወዙ በ12,655 ብር መጨመር አለበት፤ 7,340ን ለ0.58 ማካፈል ነው። አንድ አውቶብስና አንድ ሳህን ምሳ የ12,000 ብር ደመወዝ ጭማሪ ሲያክል ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር ነው የሚጻፈው።

ቤት ብትቀይርስ?

ሠንጠረዡ የሚያወዳድረው ሁለቱን መሥሪያ ቤት ብቻ ይመስላል እንጂ፣ አንዱን ቤትም አብሮ ነው የሚያወዳድረው። ሰርቪሱ 4,480 ብር የሚያወጣው አያት ለምትኖር ሰው ነው። ጀሞ ለምትኖር ሰው ምንም አያወጣም፣ ጭራሽ አይደርስላትም።

ስለዚህ ሳር ቤትን በሚገባው ቦታ አስቀመጥናት። ጀሞ ተመሳሳይ ቤት 10,500 ብር አገኘን። ከጀሞ ሳር ቤት አንድ ታክሲ ነው፣ ደርሶ መልስ 40 ብር፣ በ26 ቀን 1,040። ራይድ አያስፈልግም። 22,560 ሲቀነስ 1,040፣ ሲቀነስ ምሳ 2,860፣ ሲቀነስ ኪራይ 10,500፦ የሚቀራት 8,160 ብር። ከሲኤምሲ የሚያንሰው በ460 ብር ብቻ ነው። 84 ሰዓት የነበረው መንገድም ወደ 26 ሰዓት ወረደ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ተቀየረ። ግን ቤት መቀየር ራሱ ዋጋ አለው። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ይከለክላል። ሁለት ወሩ ራሱ 21,000 ብር ነው፣ ገና ያልተቀበለችው ደመወዝ ነው። ይህ ብር አይጠፋም፣ ግን መጀመሪያ ከየት ይምጣ? የሚጠፋው የደላላው፣ የጭነት መኪናውና የጫኝ አውራጁ ነው። ያንን 8,000 ብር ብለን ለ12 ወር ስናካፍለው በወር 667 ብር ሆነ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ሳር ቤት በወር 1,127 ብር ታንሳለች፣ ከዓመት በኋላ 460 ብር።

ከዚያ ደግሞ የሙከራ ጊዜ አለ። እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብት ይችላል። ቤት ቀይሮ፣ ሁለት ወር ከፍሎ፣ በሃምሳኛው ቀን «አልተስማማንም» መባል አለ። ቤት መቀየር ያለበት ሰው ከሙከራው በኋላ ይቀይር፣ እስከዚያ ያለውን መንገድ ደግሞ ከድሮ ቤቱ በሚያስወጣው ዋጋ ይቁጠር። አንዳንድ ድርጅት አበሉንና ሕክምናውንም የሚጀምረው ሙከራው ሲያልቅ ነው፤ ደብዳቤው ዝም ካለ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

ቦነስ፣ ሕክምናና ሌሎቹ

ቦነስ በደብዳቤ ላይ «እንደ ትርፉ» ከተባለ እኔ ዜሮ ብዬ ነው የምጽፈው። ከዚያ እዚያ የሚሠራ ሰው ፈልጌ «ባለፉት ዓመታት ስንት ወር ተሰጣችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ወር ቢሰጡ፣ 32,000 ብሩ 35 በመቶ ተቆርጦ 20,800 ይገባል፤ ቦነስ ላይ ጡረታ የለም። ለ12 ሲካፈል በወር 1,733። ይህ ከገባ ጀሞ ሆና ሳር ቤት መሥራት ከሲኤምሲ ይበልጣል። ካልገባ አይበልጥም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ መጣራት ያለበት አንድ ጥያቄ ቦነሱ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚታወቀው ከተሠራ በኋላ ነው፤ ስንጀምር ቦነሱን ማንም ልብ አላለውም ነበር።

ሕክምናን በጣሪያው አትተምኑት። «በዓመት እስከ 40,000 ብር እንሸፍናለን» ቢባል 40,000 ብር አገኘን ማለት አይደለም። ባለፈው ዓመት ለሕክምና ምን ያህል አወጣችሁ? እሷ 6,000 ብር ገደማ ነው ያወጣችው፣ ስለዚህ በወር 500 ብር አልኩላት። ባለትዳር ለሆነና ልጅ ላለው ይህ ቁጥር ሌላ ነው፣ በተለይ ቤተሰብ የሚጨምር ከሆነ። ወላጅ ይጨምር እንደሆን፣ መጀመሪያ ከኪስ ተከፍሎ በደረሰኝ የሚመለስ ይሁን ወይስ ውል ካለው ሆስፒታል በቀጥታ፣ እነዚህ ሁለቱ በተግባር ትልቅ ልዩነት አላቸው። በደረሰኝ የሚመለስ ከሆነ በታመማችሁ ሌሊት የሚያስፈልገው ብር የናንተው ነው።

ለሳር ቤት ፍትሐዊ ልሁን። መነሻ ደመወዝ ከአበል የሚሻልበት ቦታ አለ። የትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ «የሁለት ወር ቦነስ» የሚባለው ሁሉ በአብዛኛው የሚሰላው በመነሻው ነው። የሚቀጥለው አሠሪም «አሁን ስንት ነው የሚከፈልሽ?» ሲል የሚያየው መነሻውን ነው። ወር መጨረሻ የምታመሽ አካውንታንት በመደበኛ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ለሠራችው ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዟ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላታል። 32,000 ላይ የሚሰላው ከ24,000ው ይሻላል። ነገር ግን የሥራ መደቡ ላይ «ማናጀር» የሚል ካለ ቆም በሉ። በሥራ መሪነት የተቀጠረ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም፣ ትርፍ ሰዓትም ብሎ ነገር አይኖርም። ማዕረጉ ያኮራል፣ ማምሸቱ በነፃ ነው።

ጡረታውን በተመለከተ የሚከፋት ወጣት ብዙ ናት፤ «2,240 ብር በየወሩ!» ትላለች። የጡረታ አበሉ ሲሰላ የሚታየው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝና የአገልግሎት ዘመን ነው። ስለዚህ ለ27 ዓመት ሰው ዛሬ መነሻው 32,000 ይሁን 24,000 ለጡረታው ብዙ ለውጥ የለውም። ለውጥ የሚያመጣው አሠሪው የቆረጠውን በትክክል ገቢ ማድረጉ ነው፤ ያልተከፈለበት ዓመት ኋላ ለማስቆጠር መከራ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥር ተቀበሉና ከጥቂት ወራት በኋላ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ መግባቱን አጣሩ።

«ኔት ነው የምንከፍልሽ» ሲሉ

አንዳንዱ አሠሪ ደብዳቤ ሳይጽፍ በአፉ «20,000 ኔት» ይላል። ከሌላው ግሮስ ጋር ለማወዳደር መመለስ ያስፈልጋል። ክፍያው መነሻ ደመወዝ ብቻ ከሆነና ከ14,000 በላይ ከሆነ ስሌቱ ይህ ነው፦

```
መነሻ = (ኔት − 2050) ÷ 0.58
```

20,000 ኔት ማለት ወደ 30,948 ብር መነሻ ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ «ውሉ ላይ 30,948 ይጻፍልኝ» በሉ። ሰውየው ፊቱ ከተቀየረ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፔይሮል ላይ 10,000 ሊያሳይ፣ የቀረውን በእጅ ሊሰጥ ነው። እጃችሁ የሚገባው ዛሬ ያው ነው። የወሊድ ፈቃድ ላይ ስትወጡ፣ ስንብት ሲሰላ፣ ባንክ ለብድር የደመወዝ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ግን ያላችሁ 10,000 ብር ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ቅጥር ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ነው ማወዳደር ያለባችሁ።

የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ያልጨረሳችሁም ካላችሁ ከሁለቱም ላይ የሚቆረጠውን አስገቡት። ከደመወዙ ጋር ስለሚያድግ የልዩነቱን ቁጥር ይነካዋል።

ተመልሶ ለመደራደር

ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ጥሩው ነገር ምን ያህል መጠየቅ እንዳለባችሁ ማወቃችሁ ነው። የእህቴ ልጅ አያት ሆና ሳር ቤት ከሲኤምሲ ጋር እንዲስተካከልላት በእጅ 2,700 ብር ትፈልጋለች። 2,700 ለ0.58 ሲካፈል 4,655፤ መነሻው 36,655 መሆን አለበት። ሕክምናውን 500 ከጨመርንበት 3,200 ለ0.58፣ ወደ 5,517 ነው፤ 37,500 ብላ ብትጠይቅ ከመጠን ያለፈ አይደለም።

ነገር ግን 5,500 ብር ደመወዝ መጨመር ለአሠሪውም ከባድ ነው፤ 11 በመቶ ጡረታ ስላለበት እሱን ከ6,100 ብር በላይ ያስወጣዋል፣ እሷ ጋ የሚደርሰው 3,200 ነው። ስለዚህ ደመወዝ ብቻ አትጠይቂ አልኳት። ቅዳሜን ከቤት ሆና ብትሠራ አራት ቀን መንገድ፣ 520 ብር ይቀንስላታል፤ ድርጅቱን ምንም አያስወጣም። ቦነሱ «እንደ ትርፉ» የሚለው ቀርቶ «ቢያንስ የአንድ ወር መነሻ ደመወዝ» ተብሎ ቢጻፍ በወር 1,733 ብር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 2,253 ይሆናሉ። ከዚያ የሚጎድለው ለ2,700 ሲሆን 447 ብር፣ ሕክምናው ሲጨመር 947 ብር ነው፤ እሱን ደግሞ በመነሻው ላይ 1,633 ብር ጭማሪ ይደፍነዋል።

ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጽፋ ሄደች። ሳር ቤቶች መነሻውን 34,000 አደረጉላት፣ ቅዳሜውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ፈቀዱላት። ቦነሱን በጽሑፍ ለማድረግ ግን እንቢ አሉ። የ2,000 ብሩ ጭማሪ 1,160 ብር ሆኖ ይደርሳል፣ ቅዳሜው 260 ብር ያድናል፣ በድምሩ 1,420። የሚጎድለው 2,700 ነበር። ሲኤምሲ ፈረመች። ሰርቪሱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አይጠብቅም፣ ስለዚህ አሁን የምታማርረው ስለ እሱ ነው።